ባልሽ እንዳይደርስብሽ በፍርድ ቤት ማሳገድ፦ ጅማ ላይ እንዴት ይሠራል፣ ሲጥሰውስ ምን ይሆናል?

ጅማ ውስጥ አቤቱታ ጽፌ ነው የማድረው። በአማርኛ ያወሩኛል፣ እኔ በአፋን ኦሮሞ እጽፋለሁ። ከሳምንት ሳምንት የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች። «ጋሼ፣ እንዳይደርስብኝ የሚል ወረቀት ይጻፉልኝ።»

ችግሩ እንደዚያ የሚባል አንድ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ፊልም ላይ እንደምናየው ሴትዮዋ ለብቻዋ ሄዳ «የጥበቃ ትእዛዝ ስጡኝ» ብላ ይዛው የምትወጣው ነገር እኛ አገር የለም። ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግም የለንም። ስለዚህ ያንን ወረቀት ከተለያየ ቦታ ለቃቅመሽ ነው የምትሠሪው። አንዱን ከወንጀል መዝገቡ፣ ሌላውን ከፍቺ መዝገቡ ታወጪዋለሽ። ይህን ሳያውቁ የሚመጡ ሴቶች አንዱን ብቻ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ፤ ሰውዬው በጎደለው በኩል ይመጣል።

እዚህ የምጽፈው ያገባች ሴት ከሚደበድባት ባሏ ራሷን እንዴት እንደምትከላከል ነው። አንዲት ደንበኛዬን እያነሳሁ እሄዳለሁ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ቅመም ትሸጣለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

መጀመሪያ ፖሊስ፣ ግን ቆጥረሽ

መስከረም 21 እሑድ ማታ ባሏ ገፍትሮ ከግድግዳ ጋር አጋጫት። ግንባሯ ተተረተረ። «ፍርድ ቤት ብትሄጂ ከነልጆችሽ አቃጥልሻለሁ» አላት። እንግዲህ እዚህ ውስጥ ሁለት ወንጀል አለ። ብዙ ሰው ግን የሚናገረው አንዱን ብቻ ነው። ፖሊስ ጋ ስትሄጂ «መታኝ» ብለሽ አታቁሚ። ዛቻውን ቃል በቃል አስመዝግቢው፤ በምን ቋንቋ እንደተናገረው፣ ማን እንደሰማው ጭምር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ፣ ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይም ቢሆን፣ የሚፈጸም ጥቃትን ወደ አካል ጉዳት ድንጋጌዎቹ ይመራዋል። ዛቻው ደግሞ ለብቻው አንቀጽ 580 ነው፤ ቅጣቱ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 500 ብር መቀጮ። ገንዘቡ ዛሬ አንድ ኪሎ ቡና እንኳ አይገዛም፣ እሱን ተዪው። ዛቻው መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው በኋላ የሚጠቅምሽ።

መቁጠር ያልኩት ለዚህ ነው። ቀላል የአካል ጉዳትና ዛቻ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱት ውስጥ ናቸው። አንቺ ካላመለከትሽ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ተነስቶ አይከስስም። አቤቱታውም ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቅሽ ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «እስቲ ለገና ይታረም» ብላ የቆየች ሴት የመስከረሙን ጉዳይ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ታጣዋለች። ከባድ ጉዳት ከሆነ፣ ለምሳሌ አጥንት ከተሰበረ ወይም ዓይን ከጠፋ፣ ያለ አንቺ አቤቱታም ይከሰሳል።

ፖሊስ ለሕክምና ማስረጃ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ደብዳቤ ይጽፍልሻል። ሌሊት ከሆነና እየደማሽ ከሆነ ደብዳቤ አትጠብቂ፣ ሆስፒታል ሂጂ። ለሐኪሙ ግን እውነቱን ንገሪው። ደንበኛዬ መጀመሪያ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብላ ነበር። አጠገቧ የቆመችው የባሏ እህት ነበረች፣ ምን ትበል። ካርዱ ላይ «ወድቃ» ተብሎ ተጻፈ። ያንን ለማስተካከል በማግሥቱ ተመልሳ ለብቻዋ መግባት ነበረባት። ስለዚህ ሕክምና ክፍል ስትገቢ የሱን ወገን ውጭ አስቀሪ።

ፖሊስ ከያዘው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። እዚያ ላይ የዋስትና ነገር ይነሳል። ብዙ ሴት ይህን ቀን አታውቀውም፤ ባሏ ታስሯል ብላ ተኝታ ሳለ በሦስተኛው ቀን በሩን ሲያንኳኳ ታገኘዋለች። የመርማሪውን ስልክ ተቀብለሽ «መቼ ይቀርባል?» በዪው። ለመርማሪውም ለዐቃቤ ሕጉም ዛቻውን አስታውሺ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ የሚገመትን ሰውና ምስክር ላይ ጫና ያደርጋል የሚባለውን ያነሳል። «አቃጥልሻለሁ» ያለ ሰው ለሁለቱም ይመቻል። ዋስትና ከተፈቀደለትም ወደ አንቺ እንዳይደርስ በቅድመ ሁኔታ እንዲሆን ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቅ። ሁልጊዜ አይሳካም። የኔዋ መስከረም 24 ቀን ባሏ በዋስ ሲወጣ ቅድመ ሁኔታ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ወረቀት፦ እግዱ

እዚህ ነው ብዙዎች የሚደናገሩት። እግድ ብቻውን አይቆምም። የሚንጠለጠልበት ዋና ክስ ይፈልጋል፤ ትዳር ላይ ላለች ሴት ብዙውን ጊዜ ያ ክስ ፍቺ ነው። ፍቺ ሳልፈልግ እግዱን ብቻ የምትለኝ ሴት አለች። እሷን የምልካት ወደ ወንጀሉ መንገድ ነው። ዛቻ ያሰማን ሰው ፍርድ ቤት የመልካም ጠባይ ዋስትና እንዲያስገባ ማዘዝ የሚችልበት መንገድ በወንጀል ሕጉ ውስጥ አለ። ብዙ የማይጠየቅ ነገር ስለሆነ ዐቃቤ ሕጉን ደፍረሽ ጠይቂው።

ፍቺ ከወሰንሽ ግን በሩ ሰፊ ነው። የቤተሰብ ሕጉ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያው ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ጅማ ላይ የምንሠራበት የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995። ከባልና ሚስቱ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበት፣ ማን ይውጣ የሚለው ሲታይ የልጆቹ ጥቅምና ይበልጥ የሚጎዳው ወገን ሁኔታ ይመዘናል። በአማርኛ ስንለው፣ ልጆቹን የያዘችው ሴት ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት መሄድ የለባትም፤ እሱ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን ያስፈልጋል። ካልተጠየቀ ዳኛ ዝም ብሎ አያዝም።

ከዚህ በተጨማሪ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ስለ ጊዜያዊ እግድ ይናገራል። ዋናው ነገር እግዱ ተጠሪው ሳይጠራ ሊሰጥ መቻሉ ነው። በተለምዶ ዳኛ ሌላውን ወገን ሳይሰማ አያዝም። መዘግየቱ እግዱን ከንቱ የሚያደርገው ከሆነ ግን ይችላል። ስለዚህ አቤቱታሽ ላይ «ተጠሪ መጥሪያ ከደረሰው በኋላ ትእዛዙ እስኪሰጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ጉዳት ያደርስብኛል» የሚል ሐሳብ ከምክንያቱ ጋር መኖር አለበት። ምክንያቱ ደግሞ ያቺ ፖሊስ ጣቢያ ያስመዘገብሻት ዛቻ ናት። ቃለ መሐላ ታያይዣለሽ፣ የሕክምና ማስረጃውን ታያይዣለሽ፣ ከፖሊስ የተሰጠሽን ማረጋገጫ ታያይዣለሽ። ገንዘብ ከሌለሽ በድሀ ደንብ እንድትከሺ ትጠይቂያለሽ፤ ከቀበሌ ማስረጃ ማምጣት ይኖርብሻል።

የአቤቱታ ጽሕፈት እንጀራዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልፍታታ። «ባለቤቴ እንዳይደርስብኝ ይታገድልኝ» ብሎ መጻፍ ባዶ ነው። ዳኛውም እንደዚያው ያዝዛል። በኋላ ሰውዬው መርካቶ ሱቅሽ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያፈጥብሽ «አልደረስኩባትም፣ ቡና ልጠጣ ነው የቆምኩት» ይላል። ልክ ነው፣ ትእዛዙ ስለ ሱቅ አይናገርማ። ስለዚህ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦

«ተጠሪ አመልካች ወደምትኖርበት ቤት፣ መርካቶ ወደምትነግድበት ሱቅና ልጆቹ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳይሄድ፤ በስልክ፣ በጽሑፍ መልእክትም ሆነ ሰው በመላክ አመልካችን እንዳያነጋግር፤ ልጆቹን ቅዳሜ ከ4 እስከ 8 ሰዓት በአያታቸው ቤት ብቻ እንዲያይ፤ የትእዛዙ አፈጻጸም እንዲከታተል ለፖሊስ እንዲጻፍልኝ።»

ቦታዎቹን በስማቸው፣ በቀበሌያቸው፣ የቤት ቁጥር ካለ በቁጥሩ ጻፉ። የልጆቹን ነገር የጨመርኩት ሆነ ብዬ ነው። ልጅ ማየት የማይቆረጥ መብት ስለሚመስል፣ ደብዳቢ ሁሉ የሚገባው በዚያ በር ነው። ቦታና ሰዓት ከተቆረጠለት ግን «ልጄን ላይ መጣሁ» የምትለዋ ምክንያት ትደርቃለች። የመጨረሻዋ ሐረግ፣ «ለፖሊስ እንዲጻፍልኝ» የምትለዋ፣ ከተረሳች ደግሞ ትእዛዙ በአንቺና በዳኛው መካከል የቀረ ምስጢር ይሆናል።

አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚቀርበው። እግድን «ኡጉራ»፣ ትእዛዝን «አጃጃ» ሲሉ ትሰሚያለሽ። የተጻፈልሽን ሳታስነብቢና ሳታስተረጉሚ አትፈርሚ። ችሎት ላይ ቋንቋው ካልገባሽ አስተርጓሚ እንዲቀርብልሽ ለዳኛው ንገሪ፣ አትፈሪ። ለኔ የሚከፈል ከሌለሽም ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ በነፃ የሚሰጠው የሕግ ድጋፍ አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ሂጂ። እንዲህ ስላልኩ የሙያ ጓደኞቼ ይቆጡኛል።

የኔዋ ጥቅምት 2 አቤቱታዋን አስገባች። ዳኛዋ በዚያው ቀን እንዳይደርስባት ያለውን ሰጠች። ከቤት ይውጣ ለሚለው ግን ሁለቱንም መስማት አለብኝ ብላ ለጥቅምት 9 ቀጠረች። እሱን ሰምታም ከቤት እንዲወጣ አዘዘች። እንዲህ መከፋፈል የተለመደ ነው። ስለዚህ እስከ ቀጠሮው ድረስ ልጆችሽን ይዘሽ የምታድሪበትን ቦታ አስቀድመሽ አዘጋጂ። እሷ ያቺን ሳምንት ጅሬን እናቷ ቤት ነው ያደረችው።

ወረቀቱን እንደያዝሽ የሚሠራ ሥራ

ትእዛዙን ታቅፎ ቤት መግባት ስህተት ነው። መጀመሪያ እሱ እንዲደርሰው አድርጊ። ያልደረሰውን ትእዛዝ ጣሰ ሊባል አይችልም። «አላወቅሁም» ብሎ ያመልጣል። እንደደረሰው የሚያሳይ ፊርማ፣ ወይም አልቀበልም ብሎ ከሆነ ያደረሰው ሰው የጻፈው ማረጋገጫ፣ መዝገቡ ውስጥ መግባቱን ሬጅስትራር ጋ ሄደሽ እዪ። የኔዋ ጉዳይ ላይ ጥቅምት 3 ነው የፈረመው። ያቺ ቀን ናት ቆጠራው የሚጀምርባት።

ከዚያ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት ግልባጭ አራት አስወጪ። አንዱ ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ፣ አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ለአንቺ። ስታስገቢ መዝገብ ቤት ገቢ እንዲያደርጉልሽና የገቢውን ቁጥርና ቀን በራስሽ ግልባጭ ጀርባ ላይ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ቁምነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ለተረኛ ፖሊስ «ትእዛዝ አለኝ» ማለትና «በእናንተ መዝገብ በዚህ ቁጥር ገቢ የሆነ ትእዛዝ አለ» ማለት አንድ አይደለም። ግልባጩን ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፤ ለጎረቤትሽም ላኪላት።

አንድ ደብተር ግዢ። የደወለበትን፣ የመጣበትን፣ ሰው የላከበትን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንዳየ፣ ምን እንዳለ ጻፊ። መልእክት አታጥፊ። ስልክ ስትቀይሪ አሮጌውን አትሽጪ።

ሲጥሰው

የኔዋ ላይ ሦስት ጊዜ ሆነ። ሦስቱም የተለያየ ትምህርት አላቸው።

ጥቅምት 6 በሌላ ቁጥር ጽሑፍ ላከ። «ልብሴን የት አደረግሽው? እባክሽ አትጨክኚ» የሚል። ዛቻ የለበትም፣ እንዲያውም ለስላሳ ነው። ትእዛዙ ግን በጽሑፍ መልእክት አታነጋግራት ስለሚል መጣስ ነው። እሷ ደግሞ አዘነችና መለሰችለት፤ «ነገ መጥተህ ውሰድ።» ይህቺ ሦስት ቃል በኋላ ብዙ አስከፈለቻት። ባልየው ችሎት ላይ ስልኩን አውጥቶ «ራሷ ነች የጠራችኝ» አለ። ዳኛዋ ትእዛዙ የፍርድ ቤት ስለሆነ በእሷ ፈቃድ አይነሳም ብላ ነገረችው፣ ልክ ናት። እሱን ግን በማስጠንቀቂያ አለፈችው። ስለዚህ አትመልሺ። ልብስ ካለ በቀበሌ ወይም በፖሊስ በኩል ይውሰድ። ልታነጋግሪው ከፈለግሽ ቀድመሽ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን እንዲያሻሽለው አመልክቺ።

ጥቅምት 11 ሽማግሌዎች መጡ። አገራችን ነው፣ ሽማግሌ በር አይዘጋበትም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ትእዛዙ የሚያስረው እሱን እንጂ ሽማግሌዎቹን አይደለም። ራሳቸው ተነስተው ከመጡ ጥሰት የለም። እሱ ከላካቸው ግን «ሰው በመላክ» የሚለው ውስጥ ይገባል። ከመካከላቸው አንዱ «እሱ ለምኖን ነው» አሉ። ጎረቤት ሰማች። ይህ ደብተሩ ላይ ገባ። ሽማግሌዎቹ የጠየቋት ደግሞ እርቅ ብቻ አልነበረም፤ የወንጀል አቤቱታዋን እንድታነሳ የሚል የተዘጋጀ ወረቀት ይዘው ነበር። በግል አቤቱታ የሚቀርብ ጉዳይ ላይ ያቺን መፈረም መዝገቡን መግደል ነው። ፊርማሽን እዚያው አትስጪ። «ወረቀቱን ይተዉልኝ፣ ላስብበት» በይና እስኪመሽ ጠብቂ። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ የሚሉም ካሉ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 እንዲህ ያለ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ የሚዳኘው በሁለቱም ፈቃድ መሆኑን ይናገራል። ካልፈቀድሽ አይወስዱሽም።

ጥቅምት 19 እሑድ ሌሊት መጣ። ጠጥቶ ነበር። የቆርቆሮውን በር በእግሩ እየመታ «ውጪ» አለ፤ ልጆቹ አለቀሱ። ጎረቤት ደውላ ፖሊስ መጣ። ከመጡት አንዱ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ጠዋት ተነጋገሩ» ብሎ ሊመለስ ነበር። የገቢ ቁጥሩን አሳየችው፤ ሌላኛው በስልክ ጣቢያ ጠይቆ አረጋገጠ። ሰውዬው በዚያው ተያዘ።

እንግዲህ ምን ይከተለዋል? ይህን በግልጽ መለየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሴት ትእዛዙን ስለጣሰ ብቻ ፖሊስ ወዲያው አስሮ ዓመታት የሚያስቀምጠው ይመስላታል። እንደዚያ አይደለም። ሦስት የተለያዩ በሮች አሉ፣ ሦስቱንም አንቺ ነሽ የምታንኳኪው።

አንደኛው በር እግዱን የሰጠው ችሎት ነው። በማግሥቱ፣ ጥቅምት 20፣ በዚያው መዝገብ ቁጥር «ትእዛዝ ስለተጣሰ» ብለን አመለከትን። አዲስ ክስ አይደለም፣ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። ትእዛዙ የተሰጠበት ቀን፣ የደረሰው ቀን፣ ሦስቱ ጥሰቶች ከነሰዓታቸው፣ ምስክሮች። ዳኛ በእግድ ላይ ያመፀን ሰው እስከ ማሰር ሊቀጣው ይችላል፤ አልቀርብም ካለ ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርበው ያዛል። ጥቅምት 24 በተሰማው ጉዳይ ዳኛዋ የስልኩን በማስጠንቀቂያ አለፈችው፤ የሌሊቱን ግን አላለፈችውም። ታሰረ፣ ለቀናት ቢሆንም። ሲወጣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አስፈረመችው።

ሁለተኛው በር አዲሱ ወንጀል ነው። ሌሊት መጥቶ በር መምታቱና የተናገረው ነገር በራሱ ዛቻ ሊሆን ይችላል፤ የሰበረው ነገር ካለም እንደዚያው። ለዚህ አዲስ አቤቱታ ፖሊስ ጣቢያ ያስፈልጋል። የድሮው አቤቱታ አዲሱን አይሸፍንም፤ የ3 ወሩም ቆጠራ ከአዲሱ ቀን ነው የሚነሳው። ብዙዎች እዚህ ይሸወዳሉ፤ «ተከሷል እኮ» ብለው ይተዉታል።

ሦስተኛው፣ ሰውዬው በእውነት የሚፈራው፣ ዋስትናው ነው። መስከረም 24 በዋስ ወጥቶ ነበር አይደል? የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 74 ዋስትና ሲፈቀድ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው፣ አዲስ ዋስ እንዲያስጠራው ወይም ወደ ማረፊያ እንዲመልሰው ይፈቅዳል። በዋስ ወጥቶ ተበዳይዋ ላይ ተመልሶ መምጣት አዲስ ነገር ነው። ግን የፍቺው ዳኛና የወንጀሉ ዳኛ አይነጋገሩም፤ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ ሃምሳ ሜትር ተራርቀው። የጥቅምት 24ቱን ትእዛዝ ግልባጭ አስወጥታ ለዐቃቤ ሕጉ የሰጠችው እሷው ናት። ዐቃቤ ሕጉ አመለከተ፣ ዋስትናው ተነሳ፣ ክሱ እስኪሰማ ውስጥ ሆኖ እንዲከታተል ተባለ። ከዚያች ቀን በኋላ አልደወለም።

አንድ የምትረሳ ነገር

ፍቺው ላይ ዳኛው ባልና ሚስቱ እንዲያስቡበት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ይህ ከ3 ወር አይበልጥም። ያ ጊዜ ሲሰጥ ሰው ሁሉ «ታርቃችሁ ይሆናል» ብሎ ይዝናናል፣ ፖሊስም ጭምር። እግዱ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደጸና እንዲቆይ በትእዛዙ ላይ እንዲጻፍ ችሎት ላይ በቃልሽ ጠይቂ። እሱም እግዱ እንዲነሳ ማመልከት ይችላል፣ ይህ መብቱ ነው። መጥሪያ ሲደርስሽ በቀጠሮው ቀን ካልቀረብሽ እሱን ብቻ ሰምተው ሊያነሱት ይችላሉ።

እግዱ ጊዜያዊ ነው ብያለሁ። የፍቺው ውሳኔ ሲሰጥ አብሮ ያልቃል። ደንበኛዬ የካቲት ላይ ውሳኔዋን ይዛ ደስ ብሏት መጣች። አነበብኩት፤ ስለ ቀለብ አለ፣ ስለ ቤቱ አለ፣ ልጆቹን ስለማየት አለ፣ እንዳይደርስባት የሚለው ግን የለም። ማንም አልጠየቀም ነበር። ስለዚህ ከውሳኔ በፊት ባለው የመጨረሻ ክርክር ላይ፣ የልጆቹ ማያ ቦታና ሰዓት እንዲሁም ወደ ቤትና ወደ ሱቅ እንዳይመጣ የሚለው በውሳኔው ውስጥ እንዲገባ ጠይቂ። የኔዋ በዚያው ሳምንት ማመልከቻ አስገብታ ነው ያስጨመረችው፤ ለፖሊስ ጣቢያውም አዲስ ግልባጭ ወስዳ አዲስ የገቢ ቁጥር አስጻፈች።